ሦስት ቀን ሲቀር የትኛው ምዕራፍ ይቅደም?

ዛሬ ሰኞ ነው፤ የመጨረሻው ፈተና ሐሙስ ጠዋት ነው። በዶርሙ አልጋ ላይ የተዘረጋው ሞጁል ስድስት ምዕራፎች አሉት፤ ከጎኑ ደግሞ ሴሚስተሩን ሙሉ የተጻፈበት ደብተር ተቀምጧል። ተማሪዋ ሻይዋን ጠጥታ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ፣ ሞጁሉን ከመጀመሪያው ገጽ ትከፍታለች። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህች ቅጽበት ላይ ነው፤ ስህተቱ ግን የሚታየው ረቡዕ ማታ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ምዕራፍ ሳይነኩ ሲቀሩ ነው።

ነገሩን በአንድ ተጨባጭ ኮርስ ላይ ማየት ይቀላል። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ከተመለሰ ወዲህ፣ የተፈጥሮም ሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ከሚወስዳቸው ኮርሶች አንዱ ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ ነው። የሞጁሉ አንደኛ ምዕራፍ ፍልስፍናን ያስተዋውቃል። ሁለተኛው የሎጂክን መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች፣ ሦስተኛው ሎጂክና ቋንቋን፣ አራተኛው የክሪቲካል ቲንኪንግን መሠረቶች ይይዛል። አምስተኛው ፋላሲ ስለሚባሉት የአመክንዮ ሕጸጾች ያስተምራል፤ ስድስተኛው ደግሞ «ሁሉም»፣ «አንዳንድ» እና «ምንም» እያሉ ስለሚጀምሩ ዐረፍተ ነገሮች ነው።

አንደኛው ምዕራፍ ለማንበብ ደስ ይላል። ስለ ሕልውና፣ ስለ ዕውቀትና ስለ መልካም ነገር ምንነት የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ሐሳብን ይዘው ይሄዳሉ፤ ከገጽ ገጽ ማለፍም አያስቸግርም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ግን የሚነበቡ ሳይሆኑ የሚሠሩ ናቸው። ወረቀት አውጥቶ መልመጃ መሞከርን ይጠይቃሉ፤ ጥያቄ ለማውጣትም ይመቻሉ። ከገጽ አንድ የጀመረ ተማሪ የመጀመሪያውንና ትኩስ ጉልበቱን በቀላሉ ምዕራፍ ላይ ያፈስሳል፤ ልምምድ የሚፈልጉት ደግሞ ሲደክመው ይደርሱበታል።

በእጅ ያለው ሰዓት

ከሁሉ አስቀድሞ ሰዓቱን በሐቅ መቁጠር ያስፈልጋል። ሦስት ቀን 72 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ በቀን ሰባት ሰዓት ለእንቅልፍ፣ ለምግብ፣ ለካፌ ሰልፍ፣ ለመታጠብና ለመንገድ የሚሄደው ሲቀነስ በወረቀት ላይ ብዙ ሰዓት የቀረ ይመስላል። ይሁን እንጂ አእምሮ ሳይደነዝዝ በእውነት የሚጠናበት ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ለዚህ ጽሑፍ ስሌት በቀን ስምንት ሰዓት፣ በሦስቱም ቀን 24 ሰዓት እንያዝ። በዚያው ሳምንት ሌላ ፈተና ያለበት ተማሪ ከዚህም ይቀንሳል።

ሃያ አራት ሰዓት ስድስቱንም ምዕራፎች እኩል ለማጥናት ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ አራት አራት ሰዓት ይደርሰዋል። ችግሩ ምዕራፎቹ እኩል አለመሆናቸው ነው። በፈተናው ላይ ያላቸው ነጥብ ይለያያል፤ ተማሪዋ አስቀድማ የምታውቀው መጠን ይለያያል፤ አንድ ነጥብ ለመጨመር የሚወስዱት ጊዜም ይለያያል። ቅደም ተከተሉን የሚወስኑት እነዚህ ሦስት ነገሮች ናቸው። እነርሱን ለማወቅ ደግሞ ከ24ቱ ሰዓት ሦስቱን ለልየታ ብቻ መመደብ ይገባል። ፈተና አፍንጫው ሥር ለደረሰ ሰው ሦስት ሰዓት ሳያጠኑ መዋል የሚያስጨንቅ ነገር ነው፤ የቀሩትን 21 ሰዓቶች የሚያድናቸው ግን ይኸው ልየታ ነው።

ፈተናው የት ላይ ያተኩራል?

የመጀመሪያው ሥራ ማስረጃ መሰብሰብ ነው። ኮርስ አውትላይኑ ይወጣል። ለየትኛው ምዕራፍ ስንት ሳምንት ወይም ስንት ክፍለ ጊዜ እንደተመደበ በብዛት እዚያ ላይ ይገኛል። ሦስት ሳምንት የተሰጠው ምዕራፍ አንድ ሳምንት ከተሰጠው የበለጠ ጥያቄ ይወጣበታል ብሎ መገመት ተገቢ ነው።

ቀጥሎ ሚዱ የሸፈነው ይታያል። ሚድ ላይ የመጣው ፋይናል ላይ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? መልሱ እንደ መምህሩ ነው። አንዳንዱ ከሚድ በኋላ ያለውን ብቻ ይጠይቃል፤ ሌላው ሁሉንም ይጠይቅና ክብደቱን ወደ ኋለኞቹ ምዕራፎች ያደርጋል። ይህን በግምት ማለፍ አይገባም። የክፍሉን ተወካይ በአንድ የስልክ ጥሪ መጠየቅ ሙሉ ምዕራፍ ከማጥናት ሊያድን ይችላል።

ሦስተኛው ማስረጃ ወርክሺቱ ነው። መምህሩ መልመጃ ያዘጋጀበት ክፍል መምህሩ ራሱ ለመጠየቅ የሚመቸው ክፍል ነው። በመጨረሻው ሳምንት በክፍል ውስጥ ደጋግሞ ያነሳው ነገርም እንዲሁ ነው። ከሲኒየሮች የሚገኝ የድሮ ፈተና ካለ ለአንድ ነገር ይጠቅማል፤ የጥያቄውን መልክ ለማየት። ምርጫ ነው ወይስ ማብራሪያ? ትርጉም ይጠየቃል ወይስ ምሳሌ ተሰጥቶ ስሙ ይጠየቃል? መልሱን መሸምደድ ግን አደጋ አለው። መምህሩ ተቀይሮ ወይም ጥያቄው ታድሶ ከሆነ ተማሪው በእጁ የሚቀረው የአምናው መልስ ብቻ ነው።

የምናስባት ተማሪ ይህን ሁሉ አይታ ከ50 ነጥብ የሚታሰበውን ፋይናል እንዲህ ገመተችው እንበል። አንደኛው ምዕራፍ 5፣ ሁለተኛው 10፣ ሦስተኛውና አራተኛው አምስት አምስት፣ አምስተኛው 13፣ ስድስተኛው 12። ግምት ነውና በአንድ ሁለት ነጥብ ቢሳሳትም ችግር የለውም። አምስተኛውና ስድስተኛው ብቻቸውን የፈተናውን እኩሌታ መያዛቸው ለውሳኔ ይበቃል።

ባዶው ወረቀት

ሁለተኛው ሥራ ተማሪዋ የቱን እንደምታውቅ ማወቅ ነው። እዚህ ላይ ዓይን ያታልላል። ደብተር ሲገለጥ ገጹ የታወቀ ይመስላል፤ ርዕሱም፣ የተሰመረበትም፣ በዳር የተጻፈውም ትዝ ይላል። ገጹን ማወቅ ግን መልሱን ማወቅ አይደለም።

የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ አንዳንዶቹ ያንኑ ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ ሌሎቹ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ አስታወሱ፣ ሌሎቹ 75። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ያነበቡት ወደ 54 በመቶ ሲወርዱ ሳያዩ የጻፉት 68 በመቶ ላይ ነበሩ። ሰኞ ለሚያጠናና ሐሙስ ለሚፈተን ተማሪ ዋናው ቁም ነገር ይህ የሁለት ቀን ልዩነት ነው። ደጋግሞ ማንበብ ለዛሬ ማታ ደስታን ይሰጣል፤ ለሐሙስ ጠዋት የሚያተርፈው ግን ትንሽ ነው።

ስለዚህ ልየታው የሚካሄደው ሞጁሉ ተዘግቶ ነው። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ባዶ ወረቀትና አሥር ደቂቃ ይመደባል። ተማሪዋ ከጭንቅላቷ የምታወጣውን ሁሉ ትጽፋለች፤ ዋና ዋና ቃላትን፣ ትርጉማቸውን፣ ለእያንዳንዱ አንድ ምሳሌ። ለስድስቱ ምዕራፍ አንድ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ሞጁሉን ከፍታ ታመሳክራለች፤ ፈተናው አሁን ቢሆን ከዚህ ምዕራፍ ስንት አገኝ ነበር ብላም በወረቀቱ ጥግ ቁጥር ታስቀምጣለች።

የእርሷ ወረቀቶች እንዲህ ወጡ እንበል። ከአንደኛው ምዕራፍ 5 ነጥብ 3፣ ከሁለተኛው 10 ነጥብ 6፣ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ሁለት ሁለት፣ ከአምስተኛው 13 ነጥብ 4፣ ከስድስተኛው 12 ነጥብ 1 ብቻ። ድምሩ 18 ነው። የስድስተኛው ምዕራፍ ወረቀት ባዶ ሊባል በሚችል ሁኔታ መቅረቱ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ይህን ሰኞ ከረፋዱ ላይ ማወቅና ረቡዕ ማታ ማወቅ እጅግ ይለያያሉ።

በአንድ ሰዓት ስንት ነጥብ?

አሁን ሁለቱ መረጃዎች ይገናኛሉ። የሚጠየቀው «የትኛው ምዕራፍ ከባድ ነው?» ወይም «የትኛውን እወዳለሁ?» ሳይሆን «በዚህ ምዕራፍ ላይ የማውለው አንድ ሰዓት ስንት ነጥብ ያመጣል?» የሚለው ነው።

አንደኛው ምዕራፍ ረጅም ነው። እንደገና ቢነበብ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ የቀረው ግን ሁለት ነጥብ ነው። በሰዓት ግማሽ ነጥብ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛው ምዕራፍ አብዛኛው ይታወቃል፤ የተምታቱት ጥቂት ጽንሰ ሐሳቦች በሁለት ሰዓት ተኩል ቢስተካከሉ ሦስት ነጥብ ይጨመራል። ስድስተኛው አዲስ ቢሆንም ሕጎቹ ጥቂት ናቸው። ስድስት ሰዓት ቢሰጠው ሰባት ነጥብ ያመጣል ብሎ ማሰብ አይከብድም። አምስተኛው ስድስት ሰዓት ወስዶ ስድስት ነጥብ ይመልሳል። ሦስተኛው በሁለት ሰዓት ሁለት ነጥብ፣ አራተኛው በአንድ ሰዓት ቢበዛ አንድ ነጥብ።

በዚህ ስሌት ከሄደች 18 የነበረው 37 ይደርሳል፤ የወሰደው ጊዜም 17 ሰዓት ተኩል ነው። ልየታው ሦስት ሰዓት በልቷልና ለመጨረሻው ድብልቅ ልምምድ ሦስት ሰዓት ተኩል ይተርፋል። ያው ተማሪ ከገጽ አንድ ጀምራ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አምስት አምስት ሰዓት ብትሰጥስ? በ20ኛው ሰዓት አራተኛውን ምዕራፍ ትጨርሳለች፤ ከአራቱ የምታገኘው ጭማሪ ግን ስምንት ነጥብ ገደማ ነው። ለአምስተኛውና ለስድስተኛው የሚቀራት አራት ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ እርሱም ረቡዕ ማታ፣ ደክሟት።

ይህ አካሄድ ከተመራማሪዎች ግኝት ጋር ይስማማል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጃኔት ሜትካፍ ሰዎች የጥናት ጊዜያቸውን እንዴት እንደሚደለድሉ በስፓኒሽ ቃላት ፈትሻለች። ጊዜ ሲያጥር ብዙ የሚያተርፈው ገና ካልታወቁት ውስጥ ለመያዝ ቅርብ የሆኑትን ማስቀደም ነው፤ ጊዜ ሲበዛ ደግሞ ወደ ከባዶቹ መሻገር ይቻላል። አስቀድሞ በደንብ የታወቀውን መደጋገም አያተርፍም፤ እጅግ የራቀውን መታገልም እንዲሁ። ትርፉ ያለው መካከል ላይ፣ ሊያዝ ጥቂት የቀረው ነገር ላይ ነው። ቋንቋውን አስቀድመው የሚያውቁ ሰዎች ከባዶቹን ቃላት መምረጣቸውም ተመሳሳዩን ይመሰክራል፤ ለእነርሱ ቅርብ የሆኑት ከባዶቹ ነበሩና። ለዚህ ነው የጓደኛን የጥናት ዕቅድ መገልበጥ የማይሠራው። የጓደኛ ባዶ ወረቀት ሌላ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ለምን ይቀድማል?

በነጥብ ስሌት ስድስተኛውና ሁለተኛው ምዕራፍ ይቀራረባሉ። ሁለተኛው የሚቀድምበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ የኋለኞቹ የቆሙት በእርሱ ላይ ነው። አምስተኛው ምዕራፍ ስለ ተበላሸ ሙግት ያወራል፤ ሙግት ምን እንደሆነ ያልገባው ሰው የተበላሸበትን ቦታ አያገኝም። ስድስተኛው ደግሞ «ቫሊድ» የሚለውን ቃል በየገጹ ይጠቀማል።

ብዙ ተማሪ የሚምታታውም እዚሁ ቃል ላይ ነው። አንድ ሙግት እንይ። ሁሉም ወንዞች ወደ ባሕር ይፈሳሉ፤ አዋሽ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ አዋሽ ወደ ባሕር ይፈሳል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ቆላ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያበቃ የሚያውቅ ተማሪ «ይህ ሙግት ቫሊድ አይደለም» ሊል ይቸኩላል። ሙግቱ ግን ቫሊድ ነው። ሁለቱ መነሻዎች እውነት ቢሆኑ ኖሮ ድምዳሜው ሐሰት ሊሆን አይችልም ነበርና። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው መነሻ ሐሰት ስለሆነ ሙግቱ «ሳውንድ» አይደለም። ቫሊድ ስለ አያያዙ ይናገራል፤ ሳውንድ ስለ አያያዙም ስለ እውነትነቱም። ይህን ልዩነት በራሷ አምስት ምሳሌዎች ሠርታ ያየች ተማሪ ከሁለተኛው ምዕራፍ የሚፈለገውን ዋና ነገር ይዛለች።

ስድስተኛው ምዕራፍ ስሙ እንጂ ሥራው አያስፈራም። ዐረፍተ ነገሮቹ አራት ዓይነት ብቻ ናቸው። «ሁሉም ፈረሶች እንስሳት ናቸው» ኤ ይባላል፤ «ምንም ፈረስ በሬ አይደለም» ኢ ይባላል፤ «አንዳንድ ፈረሶች ነጭ ናቸው» አይ፣ «አንዳንድ ፈረሶች ነጭ አይደሉም» ደግሞ ኦ። ጥያቄዎቹ የሚያጠነጥኑት እነዚህን ሲገለብጡ እውነትነታቸው ይጠበቃል ወይ በሚለው ላይ ነው። ባለቤቱንና ተሳቢውን ማቀያየር ለኢ እና ለአይ ይሠራል። ምንም ፈረስ በሬ ካልሆነ ምንም በሬ ፈረስ አይደለም። ለኤ ግን አይሠራም፤ ሁሉም ፈረስ እንስሳ ነው ተብሎ ሁሉም እንስሳ ፈረስ ነው አይባልም። ለኤ እና ለኦ የሚሠራው ሁለቱንም ቃላት አፍርሶ ማቀያየር ነው፤ እንስሳ ያልሆነ ሁሉ ፈረስ ያልሆነ ነው።

እነዚህን አራት ዓይነቶችና የመገልበጫ ሕጎች በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ መሥራት አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የቀረው አምስት ሰዓት መልመጃ ነው። ያልተነካ ምዕራፍ ሁልጊዜ የማይደረስበት አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሕጉ ጥቂት፣ ነጥቡ ብዙ ከሆነ ከግማሽ ከታወቀው ሰፊ ምዕራፍ ይልቅ ቅርብ ነው።

አንዴ ያስታወሱትን አለመጣል

አምስተኛው ምዕራፍ ጠባዩ ይለያል። የሕጸጾቹ ዓይነት ብዙ ነው፤ እርስ በርሳቸውም ይመሳሰላሉ። ትርጉማቸውን በተርታ መሸምደድ ፈተናው ላይ ብዙም አይረዳም፤ በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ምሳሌ ሰጥቶ ስሙን የሚጠይቅ ነውና። ስለዚህ ትናንሽ ወረቀቶች ይቆረጣሉ። በፊት ለፊቱ ምሳሌ፣ በጀርባው ስም ይጻፋል። «ጌታዬ፣ ይህን ውጤት ከሰጡኝ ስኮላርሺፔን አጣለሁ፤ ስለዚህ ቢ ይገባኛል» የሚለው ፊት ለፊቱ ላይ ከሆነ ጀርባው ላይ ርኅራኄን መማጸን ይሆናል። ወረቀቶቹ ይበወዛሉ እንጂ በሞጁሉ ቅደም ተከተል አይደረደሩም፤ ፈተናው በዚያ ቅደም ተከተል አይመጣም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ተማሪው አንድ ወረቀት በትክክል ሲመልስ «ይህ ገብቷል» ብሎ ከቁልሉ ያወጣዋል። ካርፒክና ሮዲገር በ2008 እ.ኤ.አ. ይህን ልማድ በስዋሂሊ ቃላት ፈትነውታል። ስዋሂሊ የማያውቁ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች 40 ቃላትን ከእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ጋር አጠኑ፤ ለምሳሌ ማሹዋ ጀልባ መሆኑን። አንድ ጊዜ በትክክል ያስታወሷቸውን ቃላት ጭምር ራሳቸውን መጠየቅ የቀጠሉት ከሳምንት በኋላ 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። አንዴ ካስታወሱ በኋላ መጠየቅ ያቆሙት ግን፣ ማንበቡን ቢቀጥሉ እንኳ፣ ከሲሶ ብዙም አላለፉም። የታወቀው ወረቀት ከቁልሉ መውጣቱ ትክክል የሚሆነው በተለያየ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመለሰ ነው። ማክሰኞ የታወቁት ወረቀቶች ረቡዕ እንደገና መገለጥ አለባቸው።

የሦስቱ ቀናት አዋዋል

ሰኞ የመጀመሪያው ሦስት ሰዓት ለልየታ ይውላል። ቀጥሎ ሁለተኛው ምዕራፍ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ቀሪው ሁለት ሰዓት ተኩል በስድስተኛው ምዕራፍ ሰንጠረዥና በመጀመሪያዎቹ መልመጃዎች ያልፋል። ማክሰኞ ጠዋት ሰንጠረዡ ሳይታይ በባዶ ወረቀት ይጻፋል፤ የተረሳው ይስተካከላል፤ ስድስተኛው በሦስት ሰዓት ተኩል ይጠናቀቃል። የቀኑ ቀሪ አራት ሰዓት ተኩል የሕጸጾች ነው። ረቡዕ ሕጸጾቹ በአንድ ሰዓት ተኩል ይከለሳሉ፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ሁለት ሰዓት፣ አራተኛው አንድ ሰዓት ያገኛል። የመጨረሻው ሦስት ሰዓት ተኩል የወርክሺቱን ጥያቄዎች አደባልቆ፣ ሰዓት ይዞ፣ ሞጁል ሳይከፍቱ መሥራት ነው።

አንደኛው ምዕራፍ በዚህ ዕቅድ ውስጥ የራሱ ሰዓት የለውም። ፈጽሞ ይጣላል ማለት ግን አይደለም። በልየታው ጊዜ ባዶው ወረቀት ከሞጁሉ ጋር ሲመሳከር የጎደሉት ትርጉሞች በዚያው ወረቀት ላይ በሌላ ቀለም ይጻፋሉ፤ ረቡዕ ማታ ወረቀቷ አንድ ጊዜ ትታያለች። ምርጫ ጥያቄ ከየምዕራፉ ስለሚለቀም አንድም ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ባዶ መሆን የለበትም። «ይህ አይመጣም» ብሎ ምዕራፍን ከነአካቴው መሰረዝና ምዕራፍን በአንድ ገጽ ማሳነስ የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ቁማር ነው።

ዕቅዱ ሲሰናከል ምልክት ያሳያል። አንዱ ምልክት ተማሪዋ አንድ ጥያቄ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆይታ ከተነሳችበት አለመነቃነቋ ነው። እልህ እዚህ ጊዜ ይበላል። ጥያቄው ምልክት ተደርጎበት ለጓደኛ ወይም ለመምህሩ ይቀመጣል፤ እርሷ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ሌላው ምልክት ሁሉም ነገር ቀላል መምሰሉ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ስህተት ካልተገኘ እየተጠና ያለው አስቀድሞ የታወቀው ነገር ነው። ሦስተኛው ዕቅዱን በየሰዓቱ መቀያየር ነው፤ ከዶርም ጓደኛ በተሰማ ወሬ ምዕራፍ የሚቀይር ተማሪ የልየታውን ሦስት ሰዓት ያባከነ ያህል ነው። ዕቅዱ በየቀኑ ማታ አንድ ጊዜ ይታያል፤ አዲስ ማስረጃ ካለም ያኔ ይስተካከላል።

እንቅልፍን መቀነስም ከስሌቱ ውጪ አይደለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች 535 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለአሥራ አራት ቀናት ተከታትለው በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ለማጥናት ሲሉ ከወትሮው ባነሰ በተኙ ማግስት ትምህርት የመረዳትም ሆነ ፈተና የመሥራት ችግር እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። ረቡዕ ሌሊት የሚጨመረው አራት ሰዓት ሐሙስ ጠዋት ይከፈላል።

የማይሠራበት ቦታ

ይህ አለካክ ለሁሉም ኮርስ እኩል አይመችም። ሎጂክ ላይ ሦስተኛውን ምዕራፍ ማሳነስና ስድስተኛውን መሥራት ይቻላል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ ቀጭን ነው። በካልኩለስ ግን ሊሚት ያልገባው ሰው ዴሪቬቲቭን በነጥብ ብዛቱ ብቻ መርጦ ቢገባበት ቀመር ከመሸምደድ አያልፍም፤ የጥያቄው መልክ ትንሽ ሲለወጥ ይጠፋበታል። እንዲህ ባለው ኮርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው የቱ ምዕራፍ በየቱ ላይ እንደቆመ ነው፤ የነጥብ ስሌቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እንደ አናቶሚ ባለው ደግሞ ስም ብዙ፣ ሕግ ጥቂት ስለሆነ በስድስት ሰዓት ሰባት ነጥብ የሚሰጥ አዲስ ምዕራፍ ማግኘት ይከብዳል፤ በግማሽ የታወቀውን መሙላት ይሻላል።

ሌላም ወሰን አለው። ሦስት ቀን የሴሚስተርን ትምህርት አይተካም። በዚህ መንገድ 18ቱን 37 ያደረገች ተማሪ ኮርሱን ልታልፍ ትችላለች፤ ከተጠናው ብዙው ግን ካልተከለሰ ይረሳል። ቀጥሎ በእርሱ ላይ የሚቆም ሌላ ኮርስ ካለ የዕረፍቱ ጊዜ ወደ ሞጁሉ መመለሻ መሆን አለበት።

ለመምህራንም አንድ ጥያቄ ይቅረብ። ተማሪ በሦስት ሰዓት ልየታ ከሚደክምባቸው ነገሮች እኩሌታው በኮርስ አውትላይኑ ላይ በአንድ ዓምድ ሊጻፍ የሚችል ነው፤ ከየምዕራፉ ትይዩ በፋይናሉ ላይ የሚኖረው ነጥብ። ጥያቄውን አያጋልጥም፤ ወሬ ማሳደድን ግን ያስቀራል። ይህ ዓምድ እስኪመጣ ድረስ፣ ፈተናው ሐሙስ የሆነበት ተማሪ ሰኞ ጠዋት ሞጁሉን ከመክፈቱ በፊት አውትላይኑን፣ ወርክሺቱንና ስድስት ባዶ ወረቀቶችን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ።